ስክሪንሾት ዱቤ ነው

እህቴ ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ከስኳሩ መደርደሪያ ጎን፣ በካርቶን ላይ በማርከር የተጻፉ ሰባት ቁጥሮች ነበሩ። ንግድ ባንክ፣ አዋሽ፣ አቢሲኒያ፣ ዳሸን፣ ቴሌብር፣ ሲቢኢ ብር፣ ኤምፔሳ። ሰባቱም በእሷ ስም፣ ሰባቱም በእሷ ስልክ። ስልኩ የሚውለው እሷ የዋለችበት ነው፤ እሷ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ የለችም። ዕቃ ልታመጣ መርካቶ ትወርዳለች፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ትቀበላለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። ሱቁን የሚይዝላት ልጅ ደንበኛ "ላክሁ" ባለው ቁጥር ይደውልላታል። "እትዬ፣ ስድስት መቶ አርባ ብር ገባ?" ካነሳች አይታ ትነግረዋለች። ካላነሳች ልጁ የደንበኛውን ስልክ ያያል። አረንጓዴ ምልክት አለ፣ የእትዬ ስም አለ፣ ብሩም ልክ ነው። ዕቃውን ይሰጣል።

የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ አንድ ሰው ባለ 5 ሊትር ዘይት ወስዶ በዚሁ መንገድ ከፈለ። እህቴ የዚያን ዕለት ስልኳን ያነሳችው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ብሩ አልገባም። ልጁ ብልህ ነውና የሰውየውን ስክሪን በራሱ ስልክ ፎቶ አንስቶት ነበር። ማታ ሦስታችን ቁጭ ብለን አየነው። ስሙ ልክ፣ ብሩ ልክ፣ ቀኑም የዕለቱ ነው። የተሳሳተው ማንም ልብ የማይለው መስመር ነው። የማጣቀሻ ቁጥሩ FT25041 ብሎ ይጀምራል።

የንግድ ባንክ የማጣቀሻ ቁጥር ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም። ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጁ ዓመት ናቸው፤ 25 ማለት 2025 ነው። ከዚያ የሚከተሉት ሦስቱ በዚያ ዓመት ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። የካቲት 5 የፈረንጁ ዓመት 43ኛ ቀን ነበር፤ ስለዚህ የዚያን ዕለት ዝውውር FT25043 ብሎ መጀመር ነበረበት። 041 ሰኞ ነው። ሰውየው የሰኞውን እውነተኛ ደረሰኝ ወስዶ ቀኑንና ብሩን በስልኩ አስተካክሎታል፤ ቁጥሩን ግን አልነካውም፣ ምን እንደሚል ስለማያውቅ። (በእሑድና በበዓል ባንኩ በሥራ ቀኑ ስለሚቆጥር ቁጥሩ በአንድ ሁለት ቀን ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ ይህ የጥርጣሬ ምልክት እንጂ የሌባ ማስረጃ አይደለም። በረቡዕ ቀን ሲታይ ግን ሰውን ማስቆሙ ተገቢ ነው።)

ይህን ያነሳሁት ስለ ሌባ አያያዝ ለማስተማር አይደለም። በሰፈራችን ነጋዴ ሁሉ አፍ ያለ፣ እህቴም ካርቶኑን ስትጽፍ ያመነችበት አንድ አባባል ስላለ ነው፤ "ሁሉንም ተቀበል፣ ደንበኛ እንዳይመለስ።" እኔ ይህ ምክር ትንሽ ሱቅን ያከስራል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ምክሩን በጠንካራ ጎኑ እንየው፤ ሞኝ የፈጠረው አይደለምና። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀምር የሰፈር ሰው ኪሱ ውስጥ ብር ነበረው። በ2015 ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ሲሆን ባለታክሲው ሁሉ ወዶም ሳይወድም ለመደው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤምፔሳ መጣ። ባንኮቹም እያንዳንዳቸው በየስልኩ መተግበሪያ አስገቡ። ዛሬ ሱቅ የሚመጣው ወጣት ኪሱ ውስጥ ስልክና ቁልፍ እንጂ ብር የለውም። ደመወዙ በአንድ ባንክ ይገባል፣ የቤት ኪራዩን በሌላ ይልካል፣ ቴሌብሩ ደግሞ ለአየር ሰዓትና ለታክሲ ነው። ይህ ልጅ እንቁላል ሊገዛ መጥቶ "በዚህ አንቀበልም" ሲባል ማዶ ወዳለው ሱቅ ይሻገራል። ማዶ ያለው ደግሞ ዘጠኝ ቁጥር ለጥፏል። የባንክ ሠራተኞችም ጃንጥላና ተለጣፊ ይዘው እየመጡ ሒሳብ ያስከፍታሉ። እነሱ የሚለኩት በከፈቱት ሒሳብ ብዛት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ የሚሆነው የእነሱ ጉዳይ አይደለም። ይህን ሁሉ ሲያዩት "ሁሉንም ተቀበል" ከማለት ሌላ የሚባል ያለ አይመስልም።

ግን ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች አንድም ቀን ሒሳቡን ሠርተውት አያውቁም።

ዘይቱን እንውሰድ። እህቴ በዚያ ሳምንት አንዱን ባለ 5 ሊትር በ1,350 ብር አምጥታ በ1,400 ትሸጥ ነበር። ትርፏ 50 ብር ነው። አንድ ደንበኛ "በዚህ ባንክ አንቀበልም" ተብሎ ቢመለስ የምታጣው ያንን 50 ብር ነው። አንድ ደንበኛ ዘይቱን ወስዶ ብሩ ሳይገባ ቢቀር ግን የምታጣው 1,350 ነው። ያን ለመመለስ 27 ዘይት መሸጥ አለባት። ነገሩን ሲገለብጡት፣ አንዲት የውሸት ክፍያ 27 ደንበኛ በባዶ እጁ ከመሸኘት ጋር እኩል ናት። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ቁጥር ሊጠየቅ የሚገባው፣ የማይታይ አንድ ክፍያ ካመጣብን ሃያ ሰባት አዲስ ሐቀኛ ገዢም ያመጣልን እንደሆነ ነው። ትርፉ ከዘይትም የሚያንስ ዕቃ አለ። አታላይ ደግሞ ብስኩት አይወስድም። የሚወስደው ዘይት፣ የዱቄት ወተት፣ ዳይፐር ነው፤ ሌላ ቦታ ወዲያው የሚሸጥለትን ዕቃ።

ይህን ለእህቴ ስነግራት "ታዲያ ያ ሁሉ ደንበኛ በአዋሽና በዳሸን የሚከፍለው የት ይሂድ?" አለችኝ። "ያ ሁሉ" ስንት እንደሆነ አላወቅንም ነበር። ስለዚህ ልጁን ለአንድ ሳምንት ደብተር አስያዝነው። በስልክ የተከፈለ ሁሉ፣ ብሩ፣ በየትኛው እንደገባ፣ ለእትዬ መደወል አስፈልጎ እንደሆነ። ቅዳሜ ማታ ቆጠርን። በስልክ የተከፈለው 212 ጊዜ ነው። 148ቱ በንግድ ባንክ፣ 47ቱ በቴሌብር። የቀሩት አምስቱ ቁጥሮች በአንድነት ያመጡት 17 ክፍያ ነው፤ ከመቶ ስምንት። ከእነዚያ 17 ውስጥ በዘጠኙ ለእህቴ መደወል አስፈልጎ ነበር፣ አራቱ ደግሞ እስከ ማታ ድረስ ገቡ አልገቡ እየተባለ ሲፈለጉ ነበር። የሰፈራችን ቁጥር የሌላው ሰፈር ቁጥር አይደለም። የአንድ ባንክ ሠራተኞች በሚበዙበት ሕንፃ ሥር ያለ ሱቅ ሌላ ነገር ያገኛል። ደብተሩን ግን ማንም መያዝ ይችላል፤ የሚፈጀው አንድ ሳምንትና አንድ እስክሪብቶ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ልጁን ሌላ ነገር አዘዝነው። ከአምስቱ በአንዱ ልክፈል የሚል ሲመጣ "ቴሌብር ወይም ንግድ ባንክ የለዎትም?" ብሎ እንዲጠይቅ። ሁለት ሰዎች ብቻ የለንም አሉ። አንዷ ብር አውጥታ ከፈለች። አንዱ ሄደ። አምስት ቁጥር፣ አምስት መተግበሪያ፣ አምስት የይለፍ ቁጥር ተሸክመን የኖርነው በሳምንት ለአንድ ሰው ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተሳሳትነው በቁጥሩ ብዛት ብቻ አልነበረም። ዋናው ስህተት የክፍያ አማራጭን ስንመርጥ "ደንበኛው በምን መክፈል ይቀለዋል?" ብለን መጠየቃችን ነው። መጠየቅ ያለበት "ሱቅ ውስጥ ቆሞ ዕቃውን የሚያስረክበው ሰው ብሩ መግባቱን በምን ያያል?" ነው። በወረቀት ብር ጊዜ ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ ብሩ እጁ ላይ ነው። በስልክ ክፍያ ግን ከፋዩ የሚያየውና ተቀባዩ የሚያየው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ከፋዩ የሚያየው ከእሱ ሒሳብ መውጣቱን ነው። ሱቁን የሚመለከተው ደግሞ ወደ ሱቁ መግባቱ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይሆናሉ። በማይሆኑባት በዚያች ጊዜ ሱቁ የሚከስረው የከፋዩን ስክሪን አይቶ ዕቃ ስለሰጠ ነው።

ከፋዩ ሐቀኛ ሆኖም ይህ ይደርሳል። ከሌላ ባንክ ወደ ንግድ ባንክ የሚላክ ብር ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይገባል፤ አንዳንዴ ግን ከላኪው ይቀነሳል፣ ተቀባዩ ጋ አይደርስም፣ በማግሥቱ ይገባል ወይም ለላኪው ይመለሳል። ከተመለሰ ደግሞ ላኪው ተመልሶ መጥቶ "ብሩ ተመልሶልኛል፣ እንካችሁ" ይላል ብሎ መጠበቅ የደግ ሰው ተስፋ ነው። ሌላው አንድ አኃዝ ተሳስቶ ለማያውቀው ሰው ይልካል፣ ስሙን ሳያነብ "አረጋግጥ"ን ይጫናል፣ ስክሪኑ "ተሳክቷል" ይለዋል፤ እውነትም ተሳክቷል፣ ለሌላ ሰው። ባልና ሚስት ደግሞ አንዱን ደረሰኝ በቴሌግራም ተላልከው፣ ባል ጠዋት አሳይቶ ይወስዳል፣ ሚስት ሳታውቅ ከሰዓት ያንኑ አሳይታ ትወስዳለች። ይህን የመጨረሻውን ስሰማ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ እህቴ ግን አልሳቀችም።

ታዲያ የደንበኛ ስክሪንሾት ምንድን ነው? ዱቤ ነው። "ብሩ ይገባል" የሚል የደንበኛው ቃል ነው፤ በአረንጓዴ ቀለም ተጻፈ እንጂ ከ"ነገ እሰጥሃለሁ" የሚለየው ነገር የለም። ዱቤ መጥፎ ነገር አይደለም፣ የሰፈር ሱቅ ያለ ዱቤ አይኖርም። ግን ዱቤ ስንሰጥ ለማን እንደምንሰጥ እናስባለን። የማናውቀውን ሰው ዘይት በዱቤ አናሸክምም። የምናውቃትን ጎረቤት ደብተር ላይ ጽፈን እንሰጣታለን። ያ ልጅ ረቡዕ አመሻሽ ለማያውቀው ሰው 1,400 ብር ዱቤ ሰጠ፤ ዱቤ መስጠቱን ግን አላወቀም። ሰውየው "ዘይቱን በዱቤ ስጠኝ" ቢለው ኖሮ ስቆ ይመልሰው ነበር።

ከዚህ ተነስተን የሠራነው ነገር ቀላል ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ዘይት ብዙ አይርቅም። ካርቶኑን አወረድን። ሁለት ቁጥር ብቻ ቀረ፤ አንድ የንግድ ባንክ ሒሳብና አንድ የቴሌብር የነጋዴ ቁጥር። ለሁለቱም ማሳወቂያ የተመዘገበው አዲስ ሲም ነው። ሲሙን ባለ ቁልፍ ተራ ቀፎ ውስጥ አስገባነው፤ ባትሪው ሦስት አራት ቀን የሚቆየውን ዓይነት። ቀፎው በገመድ ታስሮ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀመጠ። ከሱቅ አይወጣም። ብር ሲገባ እዚያው ይጮኻል። ልጁ መልእክቱን ያነባል። የይለፍ ቁጥሩን ግን አያውቀውም፤ ማወቅም አያስፈልገውም፣ መልእክት ለማንበብ ይለፍ ቁጥር አይጠየቅምና። በፊት እህቴ መደወሉ ሲሰለቻት የአንዱን ባንክ ይለፍ ቁጥር ለልጁ ነግራው ነበር። በልጁ ላይ ክፉ አላስብም፤ ገቢን ለማየት ሲባል የወጪን ቁልፍ መስጠት ግን ለእሱም ጥሩ አይደለም። አንድ ቀን ብር ቢጎድል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ ነው።

መልእክት ማንበብም ራሱ ዘዴ አለው። የባንኩ መልእክት ላይኛው ጫፍ ላይ CBE ይላል፣ የቴሌብሩ 127 ይላል። ከአንድ የ09 ቁጥር የመጣ መልእክት ቃል በቃል የባንኩን ቢመስልም የባንክ አይደለም፤ ማንም ሰው ከስልኩ ሊጽፈው ይችላል። ሰው የሚያነበው ብሩን ነው፣ ላኪውን አያነብም፤ ማታለያው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው ቀሪ ሒሳቡ ነው። ከዚህ በፊት የመጣው መልእክት ቀሪው 8,210 ብር ነው ካለ፣ 640 ሲገባ አዲሱ 8,850 ማለት አለበት። የውሸት መልእክት የሚጽፍ ሰው ቀሪያችንን ከየት ያውቃል? ልጁ ይህን ድምር አሁን ዕቃውን በፌስታል እያስገባ በቃሉ ይሠራዋል።

ቀሪ ሒሳቡ መልእክቱን ለሚያነብ ሁሉ መታየቱ አንድ ችግር ነበረው። እህቴ ሱቋ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ ሰፈሩ እንዲያውቅ አትፈልግም፤ ልክም ናት። ቀፎው ቢሰረቅም ሲሙ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሱቅ ስትዘጋ ማታ ማታ የዕለቱን ብር ወደ ዋናው ሒሳቧ ታዛውራለች፤ ያንን የምታደርገው ራሷ ናት። ጠዋት ቀፎው የሚጀምረው ከጥቂት መቶ ብር ነው። ይህች የማታ ዝውውር ያልጠበቅነውን ጥቅም አመጣች። የተዛወረው ብር የዚያ ቀን የስልክ ሽያጭ ነው፤ ከደብተሩ ጋር ካልገጠመ ስህተቱ የዛሬ ነው፣ የባለፈው ወር አይደለም። በፊት የሱቁ ገቢ፣ የዕቁቡ ብር፣ ሪያድ ያለችው ታናሽ እህታችን ለእናታችን የምትልከው፣ ሁሉም በአንድ ሒሳብ ይገባ ነበር። ግብር ሊሠራላት የመጣው ሰው የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ይዞ "ይኼ ሽያጭ ነው ወይስ ስጦታ?" እያለ ሲጠይቃት ግማሹን መመለስ አልቻለችም። ያልተመለሰው ደግሞ ሽያጭ ነው ተብሎ ለመቆጠር ቅርብ ነው።

ከቴሌብሩ የግል ቁጥር ይልቅ የነጋዴውን የመረጥነው በዚህ ምክንያትም ነው። በዚያ ላይ ደንበኛው ቁጥሩን ሲያስገባ የሱቁ ስም ይወጣለታል። የግል ቁጥር ቢሆን የሰው ስም ነው የሚወጣው፤ ሠራተኛ በቁጥሩ ላይ የራሱን ቢለጥፍበት ደንበኛ በምን ይለያል? ለማውጣት ንግድ ፈቃድና መታወቂያ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ ምን ያህል እንደሚቆረጥ፣ ብሩ ወደ ባንክ ሒሳብ በምን ያህል ጊዜ እንደሚዛወር፣ ማሳወቂያው ለየትኛው ስልክ እንደሚመጣ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ማሳወቂያው የሱቁ ባለቤት ቦርሳ ውስጥ ወዳለ ስልክ የሚሄድ ከሆነ ግን የተለጠፈው ወረቀት ያው የድሮው ካርቶን ነው።

"ሁሉንም ተቀበል" የሚለው ወገን እዚህ ጋ አንድ ጠንካራ መልስ አለው፤ ጎረቤታችን ባለሱቅ በዚሁ ነው የያዘኝ። "አንዱ ባንክ ቢቋረጥስ?" አለኝ። "መጋቢት 2016ን ረሳኸው?" አልረሳሁትም። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ የንግድ ባንክ ሲስተም ታውኮ ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው ብር በላይ ሲያወጡና ሲያዛውሩ አደሩ፤ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ኤቲኤም ፊት ተማሪዎች የተሰለፉበትን ሌሊት ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋርጦ ነበር። በዚያ ቀን በንግድ ባንክ ብቻ የሚቀበል ሱቅ እጁን አጣጥፎ ነው የዋለው።

ጎረቤቴ ልክ ነው፤ በአንድ መንገድ ብቻ መንጠልጠል ሞኝነት ነው። እኛም ሁለት ያደረግነው ለዚያ ነው፤ አንዱ ባንክ፣ ሌላው የቴሌ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል። ግን ከሁለት ወደ ሰባት ሲኬድ ጥበቃው አይጨምርም። ሰባቱም የሚመጡት በአንድ መብራት፣ በአንድ ስልክ ነው። የእህቴ ባትሪ ሲያልቅ ሰባቱም አብረው ይጠፉ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክቱ አይመጣም፣ የመተግበሪያው ብዛት ምን ይረዳል? ኢንተርኔት ብቻ ሲቋረጥ *127# እና *889# ስለሚሠሩ ደንበኛ በእነሱ መክፈል ይችላል፤ እሱም ቢሆን ከሁለቱ መንገዶቻችን አይወጣም። ሁሉም ሲጠፋ መጠባበቂያው ብርና የዱቤ ደብተር ነው፤ እነዚያ ባትሪ አይፈልጉም።

በነገራችን ላይ ኔትወርክ ሲጨናነቅ የባንኩ መልእክት የሚዘገይበት ጊዜ አለ፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ። የገናና የፋሲካ ዋዜማ ሱቁ ሲሞላ መልእክቱ አሥር ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ይህን ችግር የእኛ ዘዴ አልፈታውም። በዚያ ቀን እህቴ ራሷ ሱቅ ትውላለች፣ ሒሳቡን ራሷ ከፍታ ታያለች። ባለቤቱ የማይውልበት ሱቅ በዋዜማ ቀን ከተወሰነ ብር በላይ ላለ ዕቃ ጥሬ ብር መጠየቅ ይኖርበታል፤ ደንበኛ ይቀየማል፣ ግን ዋዜማ ላይ አታላይም እንደ ደንበኛ ይበዛል።

ስለ ካርድ ብዙ አልልም። ሁለት ባንኮች ፖስ ማሽን እናስቀምጥላችሁ ብለው መጥተው ነበር። ሱፐርማርኬትና ሆቴል ይጠቅመዋል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲመጣ ካርዱን ያወጣል። በእኛ ሱቅ ደብተር ግን በሁለት ሳምንት "ካርድ ትቀበላላችሁ?" ያለ አንድም ሰው አልተጻፈም። ካርዱ ሰው ሁሉ ቤት አለ፣ ግን ኤቲኤም ብር ማውጫ ነው። ላልጠየቀ ደንበኛ ቻርጀርና የወረቀት ጥቅል የሚጠብቅ ማሽን አስቀምጦ አቧራ መጥረግ አያስፈልግም።

የቀረው "ደንበኛ ይቀየማል" የሚለው ስጋት ነው፤ እህቴን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃትም እሱ ነበር። ሰውን "መልእክቱ አልመጣም" ብሎ ማቆም ሌባ እንደማለት መስሏት ነበር። የሚያስቀይመው ግን ማቆሙ ሳይሆን አንዱን አቁሞ ሌላውን ማሳለፍ ነው። ሁሉም የሚጠብቅ ከሆነ ማንም አልተጠረጠረም። ልጁ የሚናገረውን ቃል አብረን መረጥን። "ስልክዎን ያሳዩኝ" አይልም፤ እንዲያውም የደንበኛ ስልክ ሲዘረጋለት አያይም። "የእኛ ስልክ እስኪጮኽ ትንሽ ይጠብቁኝ" ይላል፤ እስከዚያ ዕቃውን ይመዝናል፣ ይቋጥራል፣ ሌላ ደንበኛ ያስተናግዳል። አምስት ደቂቃ ካለፈ ለሚያውቀው ሰው "ስምዎን ደብተር ላይ ልያዘው፣ ሲገባ እሰርዘዋለሁ" ይላል። ለማያውቀው "ዕቃውን ለይቼ ላስቀምጥልዎት፣ ሲገባ ይውሰዱ" ይላል።

አዲሱ አሠራር ከተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ አንድ አዛውንት መጡ፤ የሰፈሩ ሰው፣ ሁላችንም የምናከብራቸው። ስኳርና ዘይት አዘዙ፣ ስልካቸውን እየነካኩ ላኩ። ቀፎው ዝም አለ። ልጁ ተሽቆጠቆጠ፣ ወደ እኔም ወደ ደብተሩም አየ። "ጋሼ፣ የእኛ ስልክ አልጮኸም፤ ደብተር ላይ ልያዝዎት?" አላቸው። አዛውንቱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪናቸውን እንደገና አዩት፤ ትንሽ ቆዩ። "ቆይ እስቲ" አሉ። "ለማን ነው የላክሁት?" የላኩት ለእህቴ ነበር፤ ለድሮ ቁጥሯ፣ ከወረደው ካርቶን ላይ ባለፈው ዓመት ስልካቸው ውስጥ መዝግበውት ለነበረው። ብሩ እሷ ቦርሳ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ገብቶ ተቀምጧል። ልጁ ደብተሩ ላይ ጻፋቸው፣ እህቴ ማታ መጥታ ሰረዘችው፣ ከስልካቸውም የድሮውን ቁጥር አስጠፋቻቸው።

ካርቶኑን ግን አልጣለችውም። ገልብጣ ባዶው ጎን ላይ "ትኩስ ዳቦ 11 ሰዓት" ብላ ጽፋ በር ላይ ሰቅላዋለች።